በ14 ቀን ውስጥ ሊታወቅ የሚገባው የታይሮይድ እጥረት

የታይሮይድ ዕጢው የማይሠራ ሕፃን ቢቸናም ይወለድ ሞጣ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሌላው ሕፃን አይለይም። በማህፀን ሳለ የእናቱ ሆርሞን በእንግዴ ልጅ በኩል በመጠኑ ይደርሰው ስለነበር ክብደቱም ቁመቱም ደህና ነው። እጥረቱ መታየት የሚጀምረው ቀስ በቀስ ነው፤ ቢጫነቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ይቆያል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ለቅሶው ይጎረንናል፣ ምላሱ ይወፍራል፣ እትብቱ ያብጣል። ለእያንዳንዱ ምልክት ደግሞ ቤተሰቡ የሚያጽናና ምክንያት አለው። ቢጫ ሲሆን ፀሐይ ይሞቃል፣ ብዙ ሲተኛ እናቱን የማያስቸግር ጨዋ ልጅ ይባላል። ስለዚህ «ልምድ ያለው ባለሙያ አይቶ ይለየዋል» የሚለው አስተያየት አያስኬድም። የጨቅላ ሕፃናት የደም ምርመራ በተስፋፋባቸው አገሮች እንኳ ሲወለዱ በምልክት ብቻ የሚጠረጠሩት በጣም ጥቂት ናቸው።

መዘግየቱ የሚያስከፍለው ዋጋ በቁመትና በአእምሮ ላይ እኩል አይደለም፤ ወላጆች አጥብቀው ሊያውቁት የሚገባው ይህንን ነው። ሆርሞኑ ሲጎድል አጥንት ማደጉን ያዘገያል፣ ሕፃኑም ይቀነጭራል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ዘግይቶም ቢጀመር ቁመት በአብዛኛው ይካካሳል። አንጎል ግን ሥራውን በቀጠሮ ነው የሚሠራው። የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ የሚገናኙትና የነርቭ ክሮች በስብ ልባስ የሚሸፈኑት በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ሲሆን፣ ሂደቱን ከሚመሩት አንዱ ይህ ሆርሞን ነው። ቅድመ ምርመራ ከመጀመሩ በፊት አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ልዩነቱን በግልጽ አሳይቷል። ከሦስት ወር በፊት ሕክምና የጀመሩ ልጆች አማካይ የማሰብ ችሎታ መለኪያ 89 ገደማ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ወር የጀመሩት 70 ገደማ፣ ከስድስት ወር በኋላ የጀመሩት ደግሞ 54 ገደማ ነበር። የመጨረሻዎቹ ልጆች በኋላ ቁመታቸው ቢስተካከልም ትምህርት ቤት የሚከተላቸው ችግር አይቀርም። ዛሬ ሕክምናው በ14 ቀን ውስጥ ይጀመር የሚባለውም ለዚህ ነው።

በጎጃም እንቅርት የኖረ ችግር በመሆኑ፣ አዮዲን ያለው ጨው ከተዳረሰ ይበቃል የሚል ይኖራል። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ትልቅ እርምጃ ነው፤ የእናት አዮዲን ሲጎድል ፅንሱም ይጎዳልና። ይሁን እንጂ አዮዲን በበቂ በሚገኝባቸው አገሮችም ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱ ችግሩ ይገኝበታል። ከአምስቱ በአራቱ ገደማ ዕጢው ጭራሽ አልተፈጠረም፣ ወይም ትንሽ ሆኖ ያለቦታው ምላስ ሥር ቀርቷል። ለሌለ ዕጢ ጨው ምንም አያደርግለትም።

ምርመራው ራሱ ቀላል ነው። ኩቤክ ውስጥ ዣን ዱሶ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የጀመረው ዘዴ ከተረከዝ የተወሰደ ደም በወረቀት ላይ ማድረቅ ነው። ጠብታው ክቡን በአንድ ጊዜ ሞልቶ ወደ ወረቀቱ ጀርባ ዘልቆ መግባት አለበት፤ ወረቀቱም ከፀሐይ ርቆ፣ ጋደም ብሎ ለሰዓታት ይደርቃል። በእኛ አገር ከኤች.አይ.ቪ. ጋር ከሚኖሩ እናቶች የተወለዱ ሕፃናት ናሙና በዚሁ ዓይነት ወረቀት ሲወሰድ ቆይቷል። ትልቁ ፈተና ሰዓቱ ላይ ነው። ዕጢውን የሚያነቃው ቲ.ኤስ.ኤች. በተወለደ በደቂቃዎች ውስጥ በጤነኛ ሕፃንም በጣም ይጨምራል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የተወሰደ ደም ጤነኛውን ሕፃን ታማሚ ያስመስላል። ተመራጩ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ሲሆን፣ ወላዷ ግን በዚያን ጊዜ ቤቷ ገብታለች። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ እንደወለደች ከእትብት ደም መውሰድ ነው፤ የእናት ቲ.ኤስ.ኤች. ወደ ፅንሱ ስለማያልፍና ጭማሪው ገና ስላልጀመረ ውጤቱ ያገለግላል። ሌላው ተረከዙን በሦስተኛው ቀን የድኅረ ወሊድ ክትትል ላይ መውጋት ነው፤ ቤት የወለደችውንም የሚያገኛት ይኸኛው ብቻ ነው። እኔ ሆስፒታል ለሚወለዱት የእትብቱን መንገድ እመርጣለሁ፤ እናቲቱ ወደ ገጠር ከተመለሰች በኋላ ለጤነኛው ሁሉ ደጅ መሄድ አይቻልምና።

አገር አቀፍ ምርመራ እስካሁን የለንም። «ብዙ ሕፃናት በሳንባ ምችና በኢንፌክሽን በሚሞቱበት አገር ይህ ቅንጦት ነው» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው፤ የላቦራቶሪው ኬሚካልም ወጪ ነው። ሕክምናው ግን ርካሽ ክኒን ነው። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በቀን በኪሎ ከ10 እስከ 15 ማይክሮግራም ሌቮታይሮክሲን ይሰጠዋል፤ ባለ 25ቱ ክኒን አንድ ተኩል ያህል ማለት ነው። ተፈጭቶ በጥቂት የእናት ጡት ወተት በማንኪያ ይሰጣል፤ ከብረት መድኃኒት ጋር ግን አይደባለቅም። ከዚያ በኋላ መጠኑ በደም ምርመራ እየታየ ይስተካከላል።

እውነተኛው አደጋ ውጤቱ ላቦራቶሪ ደርሶ ሕፃኑ ሳይጠራ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ምርመራው በቢቸናም ሆነ በሞጣ ሆስፒታል ሲጀመር፣ በመጀመሪያው ቀን ሊዘጋጅ የሚገባው የእናቲቱ ቀበሌ፣ የቅርብ ዘመዷ ስልክና የአካባቢዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስም የሚጻፍበት መዝገብ ነው።