አሮጌው ፓስወርድ የቀረበት ታብሌት

«ትናንት ጠዋት ፓስወርዴን ከቀየርኩ ወዲህ ስልኬ ላይ ኢሜይል መግባት አቁሟል። መጨረሻ የገባልኝ የትናንት ጠዋት 3 ሰዓቱ ነው። የቢሮ ኮምፒውተሬ ላይ ግን ይገባል። ዛሬ ቀኑን ሙሉ መጋዘን ስለምውል ስለ ጨረታው የምትልኪልኝን አላየውም። ለጊዜው በቴሌግራም አድርጊልኝ። ዝም ያልኩሽ እንዳይመስልሽ።»

ማስታወሻውን የጻፈችው በአንድ የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት በግዥ ክፍል የምትሠራ ሴት ናት። የተቀበለችው ባልደረባዋ ደግሞ በጠዋቱ የላከችው የዋጋ ማቅረቢያ መልስ በማጣቱ ቅር ብሏት ነበር። እንዲህ ያለው መልእክት ፓስወርድ በየጊዜው በሚቀየርባቸው ቢሮዎች ሁሉ ይጻፋል። ይህኛው ግን ከብዙዎቹ ይሻላል። «ኢሜይሌ ተበላሽቷል» ብሎ አላለፈም። መቼ እንደቆመ፣ የት እንደሚሠራና የት እንደማይሠራ ለይቶ ተናግሯል። ለአይቲ ባለሙያ ከዚህ የበለጠ ጥሩ መነሻ የለም።

ኮምፒውተሩ ላይ ደብዳቤ እየገባ ከሆነ ዋናው የደብዳቤ ማከማቻ፣ ማለትም ሰርቨሩ፣ ጤነኛ ነው። የተላከላት ሁሉ እዚያ በሰላም ተቀምጧል። የጠፋው በስልኩና በሰርቨሩ መካከል ያለው መግባባት ብቻ ነው። ሌላ ኮምፒውተር አጠገቡ የሌለው ሰውም ይህንኑ በስልኩ ማረጋገጥ ይችላል። የኢሜይል መተግበሪያውን ትቶ በኢንተርኔት ማሰሻው ወደ ቢሮው የኢሜይል ገጽ ገብቶ በአዲሱ ፓስወርድ ይሞክር። አዲስ ደብዳቤ እዚያ ከታየው ችግሩ ከመተግበሪያው ጋር ነው። እዚያም ከሌለ ግን ነገሩ ከፓስወርድ ውጭ ስለሆነ አይቲ ክፍል መሄድ አለበት።

ታዲያ ስልኩ ለምን ዝም አለ? ሰው ፓስወርዱን የሚቀይረው አንድ ቦታ ላይ፣ ሰርቨሩ ጋ ነው። አሮጌው ግን ከዚህ በፊት በገባባቸው ዕቃዎች ሁሉ ተመዝግቦ ይቀራል፤ በስልኩ፣ በቤት ላፕቶፑ፣ አንዳንዴም ሰነድ እያነሳ በኢሜይል በሚልከው የቢሮ ስካነር ውስጥ። መለወጡን ለእነዚህ ዕቃዎች የሚነግር የለም። ስልኩ እንደ ወትሮው በየተወሰነ ደቂቃ ወደ ሰርቨሩ ሄዶ አሮጌውን ያቀርባል፣ ሰርቨሩም ይመልሰዋል። ባለቤቱ የሚያየው ትናንት የነበሩትን ደብዳቤዎች ነው። እነሱ በስልኩ ላይ ስለተቀመጡ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል።

በአዳዲሶቹ አገልግሎቶች አሠራሩ ትንሽ ይለያል። ስልኩ ፓስወርዱን ራሱን አይዝም። መጀመሪያ ሲገባ ሰርቨሩ የሰጠውን የፈቃድ ምልክት ይይዛል። ማይክሮሶፍት ከጥቅምት 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በደመና የኢሜይል አገልግሎቱ ላይ ስም እና ፓስወርድ ብቻ የሚልከውን የቀድሞ አገባብ መዝጋት የጀመረው ወደዚህኛው ለማሻገር ነው። ጂሜይልም ፓስወርድ ሲቀየር ለኢሜይል መተግበሪያዎች የተሰጠውን ፈቃድ ይሰርዛል። ለቆዩ መተግበሪያዎች የሚሰጠው ባለ 16 ፊደል ልዩ ፓስወርድም አብሮ ስለሚሰረዝ፣ በእሱ የሚጠቀም ሰው አዲስ ማውጣት ይኖርበታል። በዚህ ጊዜ ስልኩ እንደገና ግባ የሚል ማሳወቂያ ያወጣል። ሰው ግን ከሌሎች ማሳወቂያዎች ጋር ጠርጎ ያልፈዋል።

ወደ ግዥ ክፍሏ ሠራተኛ እንመለስ። ማስታወሻውን ከላከች በኋላ በስልኳ ቅንብሮች ውስጥ የኢሜይል አካውንቷን ከፍታ አዲሱን ፓስወርድ አስገባች። ወዲያው የአንድ ቀን ደብዳቤ ተከታትሎ ገባ። መላክ ስትሞክር ግን እምቢ አለ። ይህ ብዙዎችን ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። አካውንቱ በእጅ የተሞላ ከሆነ ደብዳቤ የሚቀበለውና የሚልከው ክፍል ለየራሳቸው ፓስወርድ የሚጻፍባቸው ሁለት ቦታዎች አሏቸው። እሷ የቀየረችው የመቀበያውን ብቻ ነበር። የመላኪያውንም ስትቀይር ከትናንት ጀምሮ `Outbox` ውስጥ ቆሞ የነበረ አንድ ደብዳቤ ራሱ ሄደ።

ያ ደብዳቤ የዳነው አካውንቱን አጥፍታ እንደገና ስላላስገባች ነው። በየቢሮው «አጥፊውና መልሰሽ ጫኚው» የሚል ምክር አይጠፋም፣ ብዙ ጊዜም ይሠራል። ሆኖም ያልተላኩ ደብዳቤዎችና በስልኩ ላይ ብቻ የተቀመጡ ረቂቆች አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። አካውንቱ ፖፕ በሚባለው የቆየ አሠራር የተሠራ ከሆነ ጉዳቱ ይከፋል። ፖፕ ደብዳቤውን ወደ ስልኩ አውርዶ ከሰርቨሩ ሊሰርዝ ስለሚችል፣ ብቸኛው ቅጂ ስልኩ ላይ ያለው ሊሆን ይችላል። ማጥፋት የመጨረሻው እርምጃ መሆን አለበት፤ ከዚያ በፊት ያልተላከውን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ያስፈልጋል።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ የቢሮ ኮምፒውተሯ ራሱ አላስገባ አላት። ፓስወርዱን በትክክል ነው የጻፈችው፣ መልሱ ግን አካውንትሽ ተቆልፏል የሚል ነበር። የአይቲው ልጅ ከፈተላት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንደገና ተቆለፈ።

ብዙ መሥሪያ ቤቶች ፓስወርድ በተደጋጋሚ ከተሳሳተ አካውንቱ ለተወሰነ ጊዜ እንዲዘጋ ያደርጋሉ። የእሷ ቢሮ ገደቡን 5 ጊዜ አድርጎታል። ሕጉ የተሠራው ለሌባ ነው። ነገር ግን በአሮጌ ፓስወርድ ሳይታክት የሚያንኳኳ ዕቃና ሌባ ለሰርቨሩ አንድ ናቸው። አካውንት በተከፈተ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ከተቆለፈ፣ ያልተነገረው ዕቃ አንድ ቦታ አለ ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ደግሞ ደጋግሞ ማስከፈት አይጠቅምም፤ ዕቃውን ፈልጎ ማግኘት ነው የሚሻለው።

የአይቲው ልጅ የሰርቨሩን መዝገብ ከፍቶ አየ። የተሳሳተው ሙከራ የሚመጣው ከቢሮው ውጭ፣ ከአንድ ታብሌት ነበር። ሴትዮዋ ጥቂት አሰበችና በኮሮና ጊዜ ከቤት ስትሠራ ኢሜይሏን የጫነችበት ታብሌት ትዝ አላት። ዛሬ ልጇ ካርቱን የሚያይበት ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ታብሌቱን ሲከፍተው ከዋይፋይ ጋር ተገናኝቶ ማንኳኳት ጀምሯል። ቤት ደውላ ዋይፋዩን አስጠፋች፣ አካውንቷ ተከፈተላት፣ ከዚያ በኋላ አልተቆለፈም። ማታ ቤት ስትገባ የሥራ ኢሜይሏን ከታብሌቱ ላይ አነሳች።

አንዳንድ ቢሮዎች ሠራተኛው በየ90 ቀኑ ፓስወርድ እንዲቀይር ያስገድዳሉ። ስለዚህ ተመሳሳይ ማስታወሻ በዓመት አራት ጊዜ ሊጻፍ ይችላል። የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በ2017 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ፣ ፓስወርድ ስለመውጣቱ ማስረጃ ከሌለ ሰዎችን በየጊዜው አስገድዶ ማስቀየር እንዲቀር መክሯል። ማይክሮሶፍትም በ2019 ለዊንዶውስ ከሚያቀርበው የደህንነት ምክር ውስጥ ይህንኑ ግዴታ አውጥቶታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በየሦስት ወሩ የሚገደድ ሰው አዲስ ፓስወርድ አይፈጥርም፣ የቀድሞው መጨረሻ ላይ ቁጥር ይጨምራል።

ግዴታው ባለበት ቢሮ የምትሠሩ ግን ፓስወርዱን ከመቀየራችሁ በፊት ኢሜይላችሁ የተጫነባቸውን ዕቃዎች በወረቀት ላይ ጻፉ፣ ቤት የቀረውንም ጨምሩ። ስልኩንና ታብሌቱን ከኔትወርክ አውጡ፣ ፓስወርዱን ቀይሩ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እያስገባችሁ መቀበሉንም መላኩንም ሞክሩ።