ቱቦ የሚያስፈልገው መግል እና የማያስፈልገው

መግል የቋጠረ ብጉንጅ መከፈት እንዳለበት የማያውቅ የለም። ታዲያ ሳንባው ውስጥ ቡጢ የሚያክል መግል የቋጠረ ሰው ሳይበሳ ሳይቀደድ ለሳምንታት በመድኃኒት ብቻ ሲታከም፣ አጠገቡ የተኛው በሽተኛ ግን በገባበት ቀን ጎኑ ተበስቶ ቱቦ ሲገባለት አስታማሚዎች ግራ ቢጋቡ አይፈረድባቸውም። ለሁለቱም ቤተሰቦች የተነገራቸው «ሳንባው መግል ቋጥሯል» የሚል አንድ ቃል ነው። ልዩነቱ ያለው መግሉ በተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው።

አንደኛው መግል የተቋጠረው በራሱ በሳንባው ሥጋ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ግን ከሳንባው ውጭ፣ ሳንባን በሚሸፍነው ስስ ሽፋንና የደረትን ግድግዳ ከውስጥ በሚለብሰው ሽፋን መካከል ነው ያለው። ሐኪሞች የመጀመሪያውን የሳንባ አብሰስ፣ ሁለተኛውን ኤምፓየማ ይሉታል። ሳንባ ውስጥ ያለው መግል ውሎ አድሮ አንዱን የአየር ቧንቧ በልቶ ይከፍትና በሳል መውጫ ያገኛል። ከሳንባ ውጭ ያለው ግን በአራቱም ማዕዘን ተዘግቶበታል፤ መውጫ ካላበጁለት የትም አይሄድም።

የመጀመሪያውን በሽተኛ የአርባ አምስት ዓመት ጎልማሳ አድርገን እናስበው። ጥርሱ የተበላሸ፣ መጠጥ የሚያበዛ፣ አንድ ሌሊት ሰክሮ በጀርባው ተንጋሎ ያደረ ሰው ነው። በስካር እንቅልፍ ውስጥ ሳል ይደክማል፤ ስለዚህ ከድዱ ባክቴሪያ የተሞላ ምራቅ ወደ ሳንባው ወረደ። አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው ወደ ቀኝ ሳንባ ነው፤ የቀኙ የአየር ቧንቧ ከግራው ይልቅ ሰፋ ያለና ቀጥ ብሎ የሚወርድ በመሆኑ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት ተከተለው። ቤተሰቡም ጤና ጣቢያውም ቲቢ መሆኑን ጠረጠሩ፤ መጠርጠራቸውም ልክ ነው። የአክታ ምርመራው ግን ቲቢ አላሳየም። አንድ ጠዋት ክፍሉን የሚያስለቅቅ ሽታ ያለው ብዙ አክታ አስለው። ይህ ሽታ ትልቅ ምልክት ነው፤ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ የአፍ ባክቴሪያዎች የሚያመጡት ሲሆን የቲቢ አክታ እንደዚህ አይሸትም። በራጁ ላይ ክብ ጉድጓድ፣ በመካከሉም እንደ መስመር የተሰመረ የመግል ወለል ታየ።

እዚህ ላይ ሐኪሙ መርፌ ለመስደድ የማይቸኩለው ስንፍና ይዞት አይደለም። ከውጭ የሚገባ መርፌ ወደ ጉድጓዱ ለመድረስ ጤነኛ ሳንባ ሊበሳ ይችላል። መግሉ በዚያ ቀዳዳ ወደ ውጭኛው ክፍተት ቢፈስ አንድ በሽታ የነበረው ሁለት ይሆናል፤ አየሩም መሹለክ ሊጀምር ይችላል። ከአሥር በሽተኞች ስምንት ወይም ዘጠኙ ደግሞ በመድኃኒት ብቻ ይድናሉ። ለእኛ ሰው የተመረጠው በደም ሥር የሚሰጥ አምፒሲሊን ከሳልባክታም ጋር፣ ትኩሳቱ ሲበርድም የሚዋጥ አሞክሲሲሊን ከክላቩላኔት ጋር ነው። ሜትሮኒዳዞል ብቻውን ለዚህ በሽታ አይበቃም፤ አብረውት ያሉትን ሌሎች የአፍ ባክቴሪያዎች አይነካምና።

ትኩሳቱ ብዙውን ጊዜ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይበርዳል። መሳሳቻው ቦታ ይህ ነው፤ ሰው ሲሻለው መድኃኒቱን ይተዋል። የጉድጓዱ ግድግዳ ወፍራም፣ ደም እምብዛም የማይደርስበት ስለሆነ መድኃኒቱ ወደ ውስጥ የሚገባው በትንሽ በትንሹ ነው። ስለዚህ ሕክምናው ከሦስት ሳምንት አያንስም፤ ብዙ ጊዜ ወደ ስድስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘልቃል። ማቆሚያውን የሚወስነው በየጊዜው የሚነሳው ራጅ ነው፦ ጉድጓዱ ሲጠፋ ወይም ትንሽ፣ የማይለወጥ ጠባሳ ብቻ ሲቀር። ራጅ ከበሽተኛው ዘግይቶ ይሻሻላልና በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ለውጥ ባያሳይ መደንገጥ አያስፈልግም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ትኩሳቱ ካልወረደ ወይም ጉድጓዱ ከስድስት ሴንቲ ሜትር በላይ ሆኖ በሽተኛው እየደከመ ከሄደ ግን በሲቲ ስካን እየተመሩ ቱቦ ማስገባት ይታሰባል።

ሁለተኛዋ በሽተኛ ወጣት እናት ናት። የሳንባ ምች ይዟት ክኒን ወስዳ ተሽሏት ነበር፤ ከቀናት በኋላ ትኩሳቱ ተመለሰ፣ በረዥሙ ስትተነፍስም ጎኗን ይወጋት ጀመር። አልትራሳውንድ ውሃ መቋጠሩን አሳየ። ምች ያመጣው ውሃ ሁሉ ግን ቱቦ አይፈልግም። ቀጠን ያለና ንጹሕ ከሆነ በመድኃኒቱ ብቻ ይደርቃል። መግል ከሆነ ያለ ክርክር ይቀዳል። በመካከል ያለውን የሚለየው ላቦራቶሪ ነው፦ ፒኤች ከ7.2 በታች ከወረደ፣ በውሃው ውስጥ ያለው ስኳር እጅግ ካነሰ ወይም ባክቴሪያ ከታየ መቅዳት የግድ ነው። በመርፌ የተቀዳላት ብጫ መግል ስለነበር ነገሩ ብዙ አላወዛገበም።

መቼና እንዴት እንደሚቀዳ ዓለም የተማረው በብዙ ሰው ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 በአሜሪካ ጦር ሰፈሮች ምችና ኢንፍሉዌንዛ ወታደሮችን ሲፈጅ ሐኪሞች መግል ባዩ ቁጥር ደረትን ይከፍቱ ነበር፤ ከሦስቱ በሽተኞች አንዱ ገደማ ይሞት ነበር። ኤቫርትስ ግራሃም የተባለው ቀዶ ሐኪምና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ውሃው ገና ቀጭን ሳለ ደረት ሲከፈት አየር ገብቶ ሳንባውን ያጨማድደዋል። አየር በማያስገባ ዝግ መንገድ መቅዳት ሲጀመር ሞቱ በብዙ እጅ ቀነሰ። ዛሬ ቱቦው ጠርሙስ ውስጥ ባለ ውሃ ሥር እንዲጠልቅ የሚደረገው ለዚሁ ነው።

ቱቦው የሚገባው በአልትራሳውንድ ተለይቶ፣ ብዙ ጊዜ ከብብት ሥር፣ ከጎድን አጥንቱ በላይኛው ጠርዝ ነው፤ ደም ሥሮቹ ከእያንዳንዱ አጥንት ሥር ስለሚሄዱ። አስታማሚ ማወቅ ያለበት ጠርሙሱ ከበሽተኛው ደረት በላይ በፍጹም እንዳይነሳ ነው፤ ከተነሳ ፈሳሹ ወደ ደረት ይመለሳል። በሽተኛዋ ስትተነፍስ በቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከፍና ዝቅ ካላለ ቱቦው ሳይዘጋ አልቀረም ወይም ሳንባው ተዘርግቷል፤ የትኛው እንደሆነ ሐኪሙ ይለይ። ችግሩ የሚብሰው መግሉ በክፍልፋዮች ሲታጠር ነው፤ አንድ ቱቦ አንዱን ጓዳ ብቻ ያደርቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የእንግሊዝ ሐኪሞች ጥናት ሁለት የማሟሚያ መድኃኒቶች አብረው በቱቦው ሲገቡ እንደሚረዱ፣ ለየብቻቸው ግን እንደማይጠቅሙ አሳይቷል። መድኃኒቱ ውድ በመሆኑ በብዙ ቦታ አይገኝም። ቱቦውና አንቲባዮቲኩ በሳምንት ገደማ ለውጥ ካላመጡ ወደ ቀዶ ሐኪም መሄድ ይሻላል። በዘገየ ቁጥር ሽፋኑ እየደደረ ሳንባውን እንዳይዘረጋ ይይዘዋል፤ ያኔ ያን ቅርፊት መላጥ ከባድ ቀዶ ሕክምና ነው።

የዚህች እናት አንቲባዮቲክ የሚቆየው ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ነው፤ ዋናው ቆጠራ ደግሞ መግሉ በሚገባ ከወጣበት ቀን ይጀምራል። መግል ውስጥ ተትቶ ለሦስት ወር መድኃኒት ቢሰጥ አይፈውስም። ጄንታማይሲን እንዲህ ባለው አሲዳማ መግል ውስጥ ጉልበቱ ስለሚከዳው ዋና መድኃኒት ሊሆን አይገባም።

አንድ ነገር ልጨምር። የሚያጨስ፣ ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ፣ ጥርሱ ደኅና የሆነና ራሱን ስቶ የማያውቅ ሰው ሳንባው መግል ከቋጠረ፣ ቧንቧውን የዘጋ ካንሰር መኖር አለመኖሩ በሲቲ ስካንና በብሮንኮስኮፒ ሊታይለት ይገባል። ሐኪሙ ሳያነሳው ቢቀር ቤተሰብ ይጠይቅ።