ፌሮና ሚዛን፦ 162 የምትባለው ቁጥር ሥራ

ፌሮ የሚጠራው በውፍረቱ ነው፤ ባለ 8፣ ባለ 12፣ ባለ 16 ይባላል። የሚሸጠው ግን አንዳንዴ በቤርጋ፣ አንዳንዴ በኪሎ ነው። አንድ ቤርጋ በአብዛኛው 12 ሜትር ነው። ከውፍረት ወደ ኪሎ የሚያሻግረው ስሌት በጣም አጭር ነው፤ ዲያሜትሩን በሚሊ ሜትር ወስዶ በራሱ ማባዛት፣ ለ162 ማካፈል፣ ከዚያ በሜትር ርዝመቱ ማባዛት።

ክብደት (ኪሎ) = ዲያሜትር × ዲያሜትር × ርዝመት ÷ 162

ባለ 12 ፌሮ ብንወስድ 12 በ12 ሲባዛ 144 ይሆናል። ለ162 ሲካፈል 0.889 ኪሎ ይወጣል፤ ይህ የአንድ ሜትር ክብደት ነው። 12 ሜትሩ ቤርጋ እንግዲህ 10.67 ኪሎ ገደማ ይመዝናል ማለት ነው።

162 ከየት መጣ? የግንባታ ብረት አንድ ሜትር ኩብ 7850 ኪሎ ይመዝናል ተብሎ ይያዛል። ስለዚህ የተቆረጠው ፊቱ አንድ ስኩዌር ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ቀጭን ብረት፣ አንድ ሜትር ቢረዝም 7.85 ግራም ይመዝናል። የፌሮ ፊት ክብ ነውና ስፋቱ የዲያሜትሩ ስኩዌር በ0.7854 ተባዝቶ ይገኛል። ሁለቱን ቁጥሮች ስናባዛ 6.165 ግራም እናገኛለን። ይህንን በኪሎ ለመግለጽ 1000ን ለ6.165 ብናካፍል 162.2 ይሆናል። ነጥብ ሁለቷ ብትተው ስሌቱ ላይ የምታመጣው ልዩነት ከአንድ ሺህ ኪሎ አንድ ኪሎ ያህል ስለሆነ በሥራ ቦታ ማንም አይጨነቅባትም።

ከዚህ ስሌት ውስጥ ብዙ ሰው የሚስተው ዲያሜትሩ በራሱ መባዛቱን ነው። ባለ 16 ፌሮ የባለ 8 እጥፍ አይደለም፤ አራት እጥፍ ነው። ባለ 8 በሜትር 0.395 ኪሎ ሲሆን ባለ 16 ደግሞ 1.58 ኪሎ ነው። ባለ 16 ከገበያ ሲጠፋ በአንዱ ፋንታ ሁለት ባለ 8 ያሰረ ፌራዮ፣ ኮለኑ ከሚያስፈልገው ብረት ግማሹን ብቻ ነው የሰጠው። እኩል ለማድረግ አራት ያስፈልጉት ነበር።

ስሌቱ ወደፊት ሲሄድ ለግዢ ይጠቅማል፤ ወደ ኋላ ሲሄድ ግን የበለጠ ዋጋ ያለው ሥራ ይሠራል። ክብደቱንና ርዝመቱን ካወቅን እውነተኛውን ውፍረት እናወጣለን። ካሊፐር እያለ ለምን ሚዛን? ቢባል፣ ምክንያቱ ፌሮው ጥርስ ያለው መሆኑ ነው። ከኮንክሪት ጋር እንዲያያዝ በላዩ የተሠሩት ጥርሶች ላይ ካሊፐር ብታሳርፉ ከ12 በላይ ታነባላችሁ፤ በጥርሶቹ መካከል ብትለኩ ደግሞ ከ12 በታች። ሁለቱም የፌሮው ውፍረት አይደሉም። ጥርስ ያለው ፌሮ «ባለ 12» የሚባለው፣ በሜትር የሚመዝነው 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ልሙጥ ብረት ጋር እኩል ሲሆን ነው። ስለዚህ የውፍረቱ ዳኛ ሚዛን ነው፤ ዓይንና ካሊፐር ሊያሳስቱ ይችላሉ።

አንድ ሰው ለቤቱ ኮለኖች 100 ቤርጋ ባለ 12 ፌሮ ገዛ እንበል። ብረቱ ከመኪና ሲወርድ፣ ከተለያየ እስር አሥር ቤርጋ መርጦ አንድ ላይ ይመዝናል። አሥር የሚሆኑት በምክንያት ነው። አንድ ሜትር ቆርጦ በገበያ ሚዛን መመዘን አያስተማምንም፤ ሚዛኑ ሃምሳ ግራም ቢስት ከ889 ግራም ላይ ስድስት በመቶ የሚጠጋ ስህተት ነው፣ ሙሉው ፍርድ በዚያ ይበላሻል። ከመቶ ኪሎ ላይ ግማሽ ኪሎ ቢስት ግን ምንም አይደለም። ጭቃውንና የሚረግፈውን ዝገት አስቀድሞ ማራገፍ ያስፈልጋል። ርዝመቱንም በሜትር መለካት ግድ ነው፤ ለጭነት እንዲመች ከመሃሉ የታጠፈ ከሆነ እጥፋቱን ተከትሎ። 12 ሜትር የተባለው 11.70 ሆኖ ከተገኘ ጉድለቱ የርዝመት እንጂ የውፍረት አይደለም፤ ሁለቱ መለየት አለባቸው።

ርዝመቱ ልክ 12 ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ አሥሩ ቤርጋ ግን 94.8 ኪሎ መዘነ። መሆን የነበረበት 106.7 ነው። 94.8ን ለ120 ሜትር ስናካፍል በሜትር 0.79 ኪሎ ይሆናል። ይህን በ162 አባዝተን ስኩዌር ሩቱን ስንወስድ 11.3 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ከ12 የጎደለው ሰባት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ነው፤ በዓይን የሚያየው የለም። በክብደት ሲታይ ግን ከመቶው አሥራ አንድ ጎድሏል። ማንኛውም ፋብሪካ ጥቂት መዋዠቅ ይፈቀድለታል፤ የአውሮፓው ስታንዳርድ ከ8 ሚሊ ሜትር በላይ ለሆኑ ፌሮዎች የሚፈቅደው ከ4.5 በመቶ የማይበልጥ ልዩነት ነው። በዚያ ልኬት አሥሩ ቤርጋ ከ101.9 ኪሎ መውረድ አልነበረበትም።

አሁን የአገዛዙ መንገድ ይለያል። በቤርጋ ከገዛ፣ በመቶው ቤርጋ ላይ ላልተቀበለው 119 ኪሎ ብረት ከፍሏል፤ ከአንድ ኩንታል በላይ ነው። በኪሎ ከገዛ ገንዘቡ አልተነካም፤ በ1067 ኪሎው 112 ቤርጋ ይደርሰዋል። ብዙ ሰው በኪሎ መግዛት ከሁሉም ነገር ያድናል የሚለው ይህንን አይቶ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። በኪሎ መግዛት ኪስን ያድናል፤ ኮለኑን አያድንም። ፌራዮው የሚሠራው ፕላኑ ላይ ባለው ቁጥር ነው፤ አራት ባለ 12 ከተባለ አራት ዘንግ ያስራል። ተርፎ የመጣው አሥራ ሁለት ቤርጋ ግቢ ውስጥ ተጋድሞ ይቀራል፣ እያንዳንዱ ኮለን ግን 452 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ብረት ሊኖረው ሲገባ 402 ብቻ ይዞ ኮንክሪት ይፈስበታል።

ሚዛን የማይነግረን ነገርም አለ። ክብደቱ ልክ የሆነ ፌሮ ጥንካሬው ልክ ነው ማለት አይደለም። ደካማውም ጠንካራውም ብረት በሜትር ኩብ የሚመዝኑት አንድ ዓይነት ነው፤ 162 በሁለቱ መካከል አትለይም። ያንን የሚለየው ናሙናው ላቦራቶሪ ሄዶ እስኪበጠስ ሲጎተትና ሲታጠፍ ነው። ይሁንና የሚጎተተው ናሙና ውጤት የሚሰላው ኃይሉ ለፊቱ ስፋት ተካፍሎ ስለሆነ፣ ላቦራቶሪውም ናሙናውን አስቀድሞ ይመዝናል፤ ርዝመቱንም ይለካል።

የጎደለው ፌሮ ገና ካልተቆረጠ መመለስ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። መመለስ ካልተቻለ መቆጠር ያለበት በዘንግ ሳይሆን በስፋት ነው። ስድስት ባለ 12 የታዘዘለት ኮለን 679 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። 11.3 የሆነው ዘንግ እያንዳንዱ 100 ገደማ ስለሚሰጥ ስድስቱ 603 ብቻ ይሆናሉ፤ ሰባት ሲሆኑ 704 ይደርሳሉ። ሰባተኛው ዘንግ በየትኛው ጎን እንደሚቆም፣ ስታፋው እንዴት እንደሚይዘው፣ ወይም ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን ስምንት ይሁን የሚለውን ደግሞ ፕላኑን የሠራው መሐንዲስ በወረቀት ላይ አስተካክሎ ይፈርምበታል፤ ፌራዮው ከዚያ በኋላ ያስራል።