ለሁለተኛው ቀን እግር የሚገዛ ጫማ

በአሜሪካ ከተሞች የሱዛን ጂ. ኮመን የጡት ካንሰር ድርጅት የሚያዘጋጀው የሦስት ቀን የእግር ጉዞ 60 ማይል፣ ማለትም 97 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ተጓዡ ከወዳጅ ዘመድ የእርዳታ ገንዘብ አሰባስቦ በየቀኑ 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። መንገዱ በአብዛኛው አስፋልትና የሲሚንቶ የእግረኛ መንገድ ነው። ይህን ርቀት ለመጨረስ አንድ ሰው በቀን ከ40 ሺህ በላይ እርምጃ ስለሚራመድ እያንዳንዱ እግር ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ መሬት ይረግጣል።

ጥርጊያው መንገድ ለእግር የሚከብደው ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በገጠር መንገድ ላይ እግር አንዴ ድንጋይ፣ አንዴ ሣር፣ አንዴ ጎድጓዳ ስለሚረግጥ ጫናው ከቦታ ቦታ ይዘዋወራል። አስፋልት ላይ ግን አንዱ እርምጃ ከሌላው አይለይም፤ የሚጫነው ያው አጥንት፣ የሚታሸውም ያው ቆዳ ነው። ለአንድ ሰዓት ሽርሽር የማይታወቅ ትንሽ ጥበት በሃያ ሺኛው እርምጃ ላይ ቁስል ይሆናል። ሱቅ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ወዲያ ወዲህ ብሎ «ተስማምቶኛል» ማለት ለዚህ ጉዞ የማይበቃውም ለዚህ ነው።

ሌላው ጉዳይ የእግሩ መጠን ነው። ረጅም መንገድ የሄደ እግር ያብጣል፤ የውስጠ እግር ቅስትም ከድካም የተነሣ ትንሽ ዝቅ ስለሚል እግሩ በርዝመትም በስፋትም ይጨምራል። ስለዚህ ጫማው የሚገዛው ለመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሳይሆን ለሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እግር ነው። ዘወትር 39 ቁጥር የምትጫማ ሴትን እንውሰድ። ወደ ሱቅ የምትሄደው አመሻሽ ላይ፣ ብዙ ከተራመደች በኋላ፣ በጉዞው ላይ የምታደርገውን ካልሲ ይዛ ነው። ጫማውን አጥልቃ ስትቆም ከረጅሙ ጣቷ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ባዶ ቦታ መኖር አለበት። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም፤ በብዙ ሰው ሁለተኛው ይበልጣል። የሰው ሁለት እግር እኩል ስለማይሆን የሚለካው በትልቁ ነው። በዚህ መለኪያ ሴትየዋ 40 ቁጥር፣ ምናልባትም 40 ተኩል ይዛ ብትወጣ አያስገርምም። ጣቶች እንደ ልብ እየተንቀሳቀሱ ተረከዙ ግን ከጫማው የማይነሣ ከሆነ ልኩ ተገኝቷል። ተረከዙ ትንሽ የሚነሣ ከሆነ የላይኛውን የማሰሪያ ቀዳዳ ተጠቅሞ ቁርጭምጭሚት አካባቢ አጥብቆ ማሰር፣ ጣቶቹ በኩል ደግሞ ላላ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

በዓይነት ረገድ ለአስፋልት የሚሻለው ለመንገድ ሩጫ የተሠራ ቀላል ስኒከር ነው። የተራራ ቦት ጫማ ቁርጭምጭሚትን ደግፎ ድንጋይ የሚከላከል ቢሆንም፣ በሜዳማ ጎዳና ላይ ክብደቱና ሙቀቱ ትርፍ ሸክም ነው። መልካም ጫማ በእጅ ሲታጠፍ ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ይታጠፋል። መሃል ወገቡ ላይ የሚታጠፍ ወይም እንደ እርጥብ ጨርቅ የሚጠመዘዝ ከሆነ ለቀኑ መጨረሻ ድጋፍ አይሰጥም። የሶሉ ስፖንጅ ደግሞ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ከተሄደበት በኋላ መልኩ ሳይለወጥ ልስላሴውን ያጣል። በአንጻሩ ጫማውን ከጉዞው ዋዜማ መግዛትም ስሕተት ነው። ከወር በላይ አስቀድሞ ተገዝቶ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄዱበት ይገባል፤ ጉድለቱ የሚታየው ያኔ ነው። አቅሙ ያለው ሁለት ጥንድ እያፈራረቀ ቢጫማ ላብ የሚደርቅበት ጊዜ ያገኛል፤ የሁለቱ ጫማ ስፌት የተለያየ ከሆነም ትናንት የታሸው ቦታ ዛሬ ያርፋል።

ውሃ መቋጠር ብዙ ሰው እንደሚያስበው ቆዳው ከላይ ስለተፋቀ የሚመጣ አይደለም። እርጥብ ቆዳ ከካልሲው ጋር ይጣበቃል፤ ከሥሩ ያለው አጥንት ግን በየእርምጃው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይላል። በመሃል የቀረው ቆዳ ሲጎተት፣ ሲጎተት ውስጡ ያሉት ንብርብሮች ይላቀቃሉ፤ ክፍተቱም በፈሳሽ ይሞላል። እርጥበት ዋና ጠላት የሆነው መጣበቁን ስለሚያብስ ነው። የጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ ስለሚቆይ ለዚህ ጉዞ አይመከርም፤ ከቀጭን ሱፍ ወይም ከፖሊስተር የተሠራው ይሻላል። እኩለ ቀን ላይ ጫማ አውልቆ፣ እግር አናፍሶ፣ ደረቅ ካልሲ መቀየር ከማንኛውም ቅባት በላይ ይጠቅማል። ቫዝሊን ለጊዜው ያንሸራትታል፤ እየተመጠጠ ስለሚሄድ ግን ደጋግሞ መቀባት ይጠይቃል።

ርካሽ ሆኖ በጥናት የተፈተነ መከላከያም አለ፤ ሐኪም ቤት ለቁስል ማሸጊያ የሚውለው የወረቀት ፕላስተር። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ባወጡት ጥናት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሸፍን የበረሃ ውድድር ላይ የነበሩ 128 ሯጮችን ተከታትለዋል። ፕላስተር በተለጠፈበት የእግር ክፍል ላይ 98ቱ ምንም ውሃ አልቋጠሩም፤ ባልተለጠፈበት ክፍል ግን 81ዱ ቋጥረዋል። የሚለጠፈው ጠዋት፣ በደረቅ ቆዳ ላይ፣ በልምምድ ጊዜ ባስቸገረው ቦታ ላይ አንድ ንብርብር ብቻ፣ ሳይጨማደድ ነው። የተጨማደደ ፕላስተር ራሱ ቁስል ያመጣል።

ውሃ ከመቋጠሩ በፊት ቦታው ይግላል፣ ይቆጠቁጣል። «እረፍት ቦታው ስደርስ አየዋለሁ» ብሎ ማለፍ የተለመደ ጥፋት ነው፤ እዚያው ቆሞ ማድረቅና መለጠፍ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ከቋጠረ በኋላ ትንሽና የማያምም ከሆነ ሳይነካ ይሸፈናል። ትልቅ ሆኖ መራመድ የሚከለክል ከሆነ ቦታውን በሳሙና አጥቦ፣ በአልኮል በተጠረገ መርፌ ከጫፉ ወጋ አድርጎ ማፍሰስ ይቻላል፤ የላይኛው ቆዳ ግን እንደ ክዳን ስለሚጠብቅ አይላጥም። ደም የቋጠረ አይወጋም። የስኳር ሕመም ወይም የእግር መደንዘዝ ያለበት ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ ለባለሙያ መተው አለበት። መቅላቱ ወደ ዳር እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካስከተለ ጉዞው እዚያ ላይ ያበቃል።

ማታ የሚሠራው ጥቂት ነው። ጫማው ይወልቃል፣ እግር ታጥቦ በደንብ ይደርቃል፣ በነጠላ ጫማ ይናፈሳል። ከዚያም ለ20 ደቂቃ ያህል ከልብ ከፍ ብሎ ትራስ ላይ ቢቀመጥ እብጠቱ ይቀንሳል። ቀዝቃዛ ውሃ ለ10 ደቂቃ ሕመም ያስታግሳል፤ ረዘም ላለ ጊዜ መዘፍዘፍ ግን ቆዳውን አልፈስፍሶ ለነገው ቁስል ያዘጋጀዋል። የባት ጡንቻን ግድግዳ ተደግፎ ቀስ ብሎ መሳብም ተረከዝን ያቀልለዋል።

ከጉዞው በኋላ የሁለቱም እግር ድካም በጥቂት ቀናት ይለቃል። ጥፍር ከጠቆረ ጫማው አጥሮ ወይም ጥፍሩ ረዝሞ ነበር ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ወድቆ ይተካል። ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ተረከዝን የሚወጋ፣ ትንሽ ሲራመዱ የሚሻል ሕመም የውስጠ እግር ጅማት መቆጣት ምልክት ነው፤ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ከሁሉም የሚያሠጋው በአንድ እግር ላይ፣ በጣት ጫፍ ሊጠቆም በሚችል አንድ ነጥብ ላይ የሚሰማና በእርምጃ የሚብስ ሕመም ነው። ይህ ከድካም የመጣ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፤ ስንጥቁ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት በራጅ ላይ ላይታይ ስለሚችል፣ ሕመሙ ካልለቀቀ ራጁ ንጹሕ ቢባልም ተመልሶ መታየት ያስፈልጋል።