ስሙ «ትራንስፖርት» የሆነ ደመወዝ

ሰኔ ውስጥ ቢሮዬ የመጣች ወጣት «በኢንተርንነት ላበረከቱት አስተዋጽኦ እናመሰግናለን» የሚል ደብዳቤ ይዛ ነበር። ከመስከረም እስከ ግንቦት መጨረሻ በአንድ አስመጪ ድርጅት ሂሳብ ክፍል ደረሰኝ ስትመዘግብ ቆይታለች። በወር 2,500 ብር ይሰጧታል፤ ስሙ «ትራንስፖርት» ነው። «ጋሼ፣ ሠራተኛ ነበርኩ ወይስ አልነበርኩም?» አለችኝ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 4 የሚያየው ሰውየው በአሠሪው አመራር ሥር ሆኖ በደመወዝ ለመሥራት መስማማቱን ነው፤ በቀጥታም ይሁን በተዘዋዋሪ። ስለዚህ በእውነት ያለ ክፍያ ለበጎ አድራጎት የሚያገለግል ሰው ከአዋጁ ውጭ ይቀራል። ትምህርት ቤት የላከው ተማሪም እንደዚሁ፣ ግንኙነቱ የትምህርት እስከሆነ ድረስ። የሙያ ተለማማጅ ግን በአዋጁ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው፦ ውሉ በጽሑፍ ይደረጋል፣ የሥልጠናው ዓይነት፣ ጊዜና ክፍያ ይገለጻል፣ አሠሪውም ከሥልጠናው ጋር በማይገናኝ ሥራ ሊያሰማራው አይችልም። እሷ እንዲህ ያለ ውል አልነበራትም። ማን እንዳስተማራት ብጠይቃት ሳቀች፤ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ አዲስ የሚገቡትን የምታሳየው እሷው ነበረች።

አስቸጋሪው ክፍያው ነው። አንቀጽ 53 የትራንስፖርት አበልን ከደመወዝ አይቆጥረውም፤ የድርጅቱ ጠበቃም መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንኑ ነው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አነሳው ነበር። ነገር ግን አበል ማለት በደመወዝ ላይ የሚጨመር ነው። እዚህ የሚጨመርበት ነገር የለም። ደግሞም በቀረችበት ቀን ሁሉ 100 ብር ይቆረጥባታል፣ ወር ሲዘጋ አምሽታ ከሠራች ይጨመርላታል። የታክሲ ዋጋ ቢሆን ኖሮ በማምሸት ባልጨመረ። ከሥራው መጠን ጋር የሚወጣና የሚወርድ ገንዘብ የሥራ ዋጋ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ብንረታ ምን ታገኛለች? የግል ድርጅቶችን በሙሉ የሚገዛ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስለሌለ «5,000 ይገባት ነበር» የሚያሰኝ መነሻ የለኝም። የትርፍ ሰዓት፣ ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድና የማስጠንቀቂያ ክፍያ ግን አለ። የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ስለሚታገድ፣ የመስከረም፣ የጥቅምትና የኅዳር አምልጧታል። እዚያው እያለች ብትጠይቅ ይሻል ነበር፤ ማን ደፍሮ ይጠይቃል እንጂ።

የክፍያ ሰነድ አለሽ ወይ አልኳት። ስልኳን አወጣች። ጥቅምት ላይ የፈረመችበትን የክፍያ ዝርዝር ፎቶ አንስታለች፤ የተቀናሹ አምድ ከነቁጥሩ ይታያል። ለክርክር ብላ አልነበረም፤ ሥራ መያዟን ለእናቷ ልታሳይ ነበር።