የሐረር ውሃ ዲዛይንና የገምጋሚው አስተያየት

በምህንድስና የአቻ ግምገማ የሚባለው፣ አንድ የዲዛይን ሪፖርት ለጨረታ ከመቅረቡ በፊት በዝግጅቱ ያልተሳተፈ የሙያው ሰው መርምሮት አስተያየቱን በጽሑፍ የሚሰጥበት አሠራር ነው። አስተያየቶቹ የሚደረደሩት በሪፖርቱ የገጽ ቅደም ተከተል ሳይሆን በክብደታቸው ነው፤ በፊደል ግድፈት የሚጀምር ገምጋሚ ዋናውን ጉድለት ቢያገኘው እንኳ ከሥር ቀብሮት ይሄዳል።

ሐረር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። ለብዙ ዓመታት ውሃ የሰጣት የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በመድረቁ፣ በድሬዳዋ አካባቢ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች የሚወጣ ውሃ የደንገጎን አቀበት በፓምፕ እየተገፋ እንዲመጣላት ተደርጓል። ድሬዳዋ 1,200፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲገኙ፣ በመካከላቸው ያለው ሸንተረር ከሁለቱም ይበልጣል። እንዲህ ያለ መስመር የሚመረምር ገምጋሚ ምን ሊጽፍ እንደሚችል በምሳሌ ማየት ይቻላል።

በመጀመሪያ ደረጃ የሚቀመጠው፣ ካልተመለሰ የቀረውን ስሌት ሁሉ ከንቱ የሚያደርገው የምንጩ ጥያቄ ነው። አስተያየቱ፣ «ሪፖርቱ የጉድጓዶቹን አቅም የገመተው እያንዳንዱን ለየብቻ በመፈተሽ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሠሩ የውሃው ወለል ምን ያህል እንደሚወርድ ስላልታየ፣ የ72 ሰዓት የጋራ ፍተሻ ውጤት እንዲቀርብ ይጠየቃል» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ዓረፍተ ነገሩ ስለ ነዳፊው ብቃት ምንም አይናገርም፤ የጎደለውን፣ የሚያስከትለውንና የሚፈለገውን ማስረጃ ግን ሳያለዝብ ይገልጻል። አክብሮቱም ጥብቅነቱም ከዚህ የሚመጣ እንጂ፣ «ምናልባት ቢታይ መልካም ይመስላል» የሚል ማለሳለሻ የሚጨምረው ነገር የለም።

ቀጥሎ የሚመጣው የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ መብራት በድንገት ሲጠፋ ፓምፑ ስለሚቆም፣ በቧንቧው ውስጥ በ1.5 ሜትር በሰከንድ ይወጣ የነበረው ውሃ በመገታቱ እስከ 150 ሜትር የውሃ ከፍታ የሚደርስ ተጨማሪ ግፊት ሊፈጠርና ደካማውን መጋጠሚያ ሊያፈነዳው ይችላል።

የኃይል ወጪ በሦስተኛነት ይቀመጣል። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃን 1,000 ሜትር ከፍ ለማድረግ ያለ ምንም ብክነት 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ግድም ይጠይቃል፤ ሪፖርቱ የፓምፖቹን ብቃት 80 በመቶ ብሎ 3.4 ቢያሰላ፣ በአገልግሎት ዘመን ብቃቱ ወደ 68 በመቶ ሲወርድ ፍጆታው 4 ስለሚደርስ፣ በቀን 10,000 ሜትር ኪዩብ ለሚገፋ መስመር ልዩነቱ 6,000 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ይህ ታሪፉን ያናጋል እንጂ መስመሩን አያፈርሰውምና ከደኅንነቱ በታች መቀመጡ ተገቢ ነው።

የካርታ መለኪያ መዛባትና የፊደል ግድፈት በአባሪ ይጠቃለላሉ።

ነዳፊው ለእያንዳንዱ አስተያየት ተቀብያለሁ፣ በከፊል ተቀብያለሁ ወይም አልተቀበልኩም ብሎ ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይመልሳል፤ የመጀመሪያው ደረጃ አስተያየት በማስረጃ እስካልተዘጋ ድረስ ግን ጨረታው ሊወጣ አይገባም።