ቅዠት የአደጋ ልምምድ ነው?

ሰው ወይም አውሬ ያባርረናል። እንሩጥ ስንል እግራችን አልታዘዝ ይላል፤ እንጩህ ብንልም ድምፃችን አይወጣም። ተመራማሪዎች የተለመዱ ህልሞችን ሲጠይቁ መባረር በተደጋጋሚ ከግንባር ቀደሞቹ ተርታ ይገኛል። ለምን?

ፊንላንዳዊው ተመራማሪ አንቲ ሬቮንሱዎ በ2000 እ.ኤ.አ. አንድ መልስ አቀረቡ። የጥንት ሰው በአውሬና በጠላት መካከል ሲኖር፣ አደጋን በህልሙ ደጋግሞ የተለማመደው በእውኑም ፈጥኖ አይቶ ያመልጥ ነበር፤ ልጆቹም ይህንኑ ባሕርይ ወረሱ ይላሉ። እንደ እሳቸው አባባል ይህን ሥርዓት የሚቀሰቅሰው በእውን የደረሰ አደጋ ነው። ስለዚህ አደጋ በበዛበት የሚኖር ሰው አስፈሪ ህልምም ሊበዛበት ይገባል።

ሬቮንሱዎ ከካትያ ቫሊና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በ2005 ያሳተሙት ጥናት ይህን የሚደግፍ ነበር። ከባድ መከራ ያሳለፉ የኩርድ ልጆች፣ በሰላም ካደጉ የፊንላንድ ልጆች ይልቅ ብዙ አስጊ ህልም አይተዋል፤ አደጋዎቹም የከፉ ነበሩ።

ሦስት ዓመት ቆይቶ የወጣው ጥናት ግን ነገሩን ገለበጠው። ሱዛን ማልኮልም-ስሚዝና ባልደረቦቿ ወንጀል ከሚበዛበት የደቡብ አፍሪካ አካባቢ 208 ሰዎችን፣ ሰላማዊ ከሆነ የዌልስ አካባቢ ደግሞ 116 ሰዎችን ጠየቁ። ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ በቅርቡ ይበልጥ የገጠማቸው ደቡብ አፍሪካውያኑ ነበሩ፤ አስጊ ህልም ያዩት ግን ከዌልሶቹ ያነሱ ሆኑ። በሁለቱም ወገን በእውን ሊደርስ የሚችል የሞት አደጋ የታየባቸው ህልሞች ከ20 በመቶ በታች ናቸው። ህልመኛው ያመለጠባቸው ደግሞ 2 በመቶ እንኳ አይሞሉም።

ለእኔ የንድፈ ሐሳቡ ትልቁ ስንጥቅ እዚህ ላይ ነው። ልምምድ ከሆነ ማምለጡ የታለ? ያ ያልታዘዘ እግር፣ ህልም በሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል ጡንቻዎቻችን ስለሚዝሉ የሚመጣ ሊሆን ይችላል። ያ ከሆነ ሰውነት ያለበትን ሁኔታ ይነግረናል እንጂ ሽሽት አያስተምረንም።

የጥርስ መውለቅ ህልምም ከዚህ ማብራሪያ ጋር አይገጥምም። በአገራችን ብዙዎች የዘመድ ሞት ብለው የሚፈቱት ይህ ህልም፣ እስራኤል ውስጥ በ2018 በታተመ ጥናት የተያያዘው ከጭንቀት ጋር ሳይሆን ሲነቁ ከሚሰማ የጥርስና የድድ ሕመም ጋር ነው።

ንድፈ ሐሳቡን ጨርሼ እንዳልጥለው የሚያደርገኝ የፈተና ህልም ነው። በ2014 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት ከ700 በላይ የሕክምና ትምህርት ቤት ተፈታኞችን ጠይቆ ነበር። 60 በመቶው በዋዜማው ሌሊት ስለ ፈተናው አልመዋል፤ ህልሞቹም በአብዛኛው ማርፈድና መልስ መርሳት የሞላባቸው ነበሩ። ሆኖም ስለ ፈተናው ደጋግመው ያለሙት የተሻለ ውጤት አመጡ። እርግጥ ለፈተና የሚጨነቅ ተማሪ አጥብቆ የሚያጠናም ነው። ውጤቱን ያመጣው ህልሙ ይሁን ጥናቱ፣ ይህ መጠይቅ ብቻውን አይለየውም።